የሱቅ ካሜራን በስልክ ማየት፣ ለኢንተርኔት በር ሳይከፍቱ

ካሜራ ገጣሚው ሥራውን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያደርጋት አንድ ነገር አለች። ራውተሩ ውስጥ ይገባና ፖርት፣ ማለትም ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር፣ ይከፍታል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ አፕ ይጭናል፣ የሱቁን አድራሻ ይሞላል፣ ምስሉ ይመጣል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ችግሩ ያ ፖርት የተከፈተው ለእናንተ ስልክ ብቻ አለመሆኑ ነው። ለመላው ዓለም ነው የተከፈተው። ቀንና ሌሊት አድራሻ በአድራሻ እየዞሩ የተከፈተ ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳውን ሳጥን፣ መቅጃችሁን፣ ለማግኘት ማን እንደሆናችሁ ወይም ምን እንደምትሸጡ ማወቅ አይጠበቅባቸውም።

«ፓስወርዴ ጠንካራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። በ2016 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የያዘው ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት ፓስወርድ እየገባ ነበር። እዚያ ላይ ጠንካራ ፓስወርድ ያድን ነበር። በ2021 በሂክቪዥን ምርቶች ላይ የተገኘው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። መለያ ቁጥሩ CVE-2021-36260 ሲሆን አጥቂው ምንም ፓስወርድ ሳያውቅ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ እንዲቆጣጠር ያስችል ነበር። እዚህ ላይ የፓስወርድ ርዝመት ምንም አይረዳም። የሚያድነው ዕቃው ከውጭ ጨርሶ አለመታየቱ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምናየው አንድ ጉዳይ ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ መቅጃ፣ አራት ካሜራ፣ አንድ ራውተር። ባለቤቱ የትም ሆኖ በስልኩ ማየት ይፈልጋል፣ ራውተሩ ላይ ግን አንድም ፖርት አይከፈትም።

## መንገዱ እንዴት ነው?

ሱቁ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ትቀመጣለች። እሷ ከውስጥ ወደ ውጭ ግንኙነት ትጀምራለች፣ ስልካችሁም እንደዚሁ ያደርጋል፣ ሁለቱ ተፈላልገው ይገናኛሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ሁሉ የተመሰጠረ ነው። ከውጭ ወደ ሱቁ የሚያንኳኳ ሰው መልስ የሚሰጠው የለም። ይህ ቪፒኤን ነው፤ ስልካችሁ ላይ አገር ለመቀየር ከምትጭኑት ዓይነት ግን ይለያል። ይኼኛው የራሳችሁ የግል መስመር ነው።

ለዚህ ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። አንዱ ዋየርጋርድ ነው። አንዳንድ ራውተሮች አብረውት ስለሚመጡ ተጨማሪ ኮምፒውተር ላያስፈልግ ይችላል። ዋየርጋርድ አንድ ፖርት ይፈልጋል፣ ነገር ግን ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው ጨርሶ መልስ ስለማይሰጥ ከውጭ ሲታይ እንደሌለ ነው። የሚሠራው ግን ሱቁ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ ሲኖረው ነው።

ብዙ ሱቅ ደግሞ ያ አድራሻ የለውም። ለማወቅ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ WAN የሚለው ቦታ ላይ ያለውን አይፒ ተመልከቱ። ቀጥሎ «የእኔ አይፒ ምንድን ነው» ብሎ የሚነግር ድረ ገጽ በሱቁ ዋይፋይ ክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ አካፍሏል ማለት ነው። የሞባይል ሲም የሚይዙ ራውተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። እዚያ ላይ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ አይደረስም።

ሁለተኛው ምርጫ ቴይልስኬል ነው። ውስጡ ያው ዋየርጋርድ ነው፤ ልዩነቱ ስልኩና ኮምፒውተሯ የሚፈላለጉበትን ሥራ እሱ መሥራቱ ነው። የራስ አድራሻ ኖረም አልኖረም ይሠራል። ከዚህ በታች የምንሄደው በዚህኛው ነው። ነፃ ዕቅድ አለው፤ ለንግድ ስለምትጠቀሙበት ግን ደንቡን አንብባችሁ የሚስማማችሁን ምረጡ።

በአምራቹ አፕ መቅጃው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ ማየትስ? እሱም ፖርት አይከፍትም፣ ከፖርት መክፈትም በብዙ ይሻላል። ሆኖም መቅጃው ራሱ ሁልጊዜ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ ይኖራል፣ እዚያ በኩል ችግር ቢፈጠር እናንተ ምንም ማድረግ አትችሉም። ኮምፒውተር ማስቀመጥ የማይቻልበት ሱቅ ላይ እሱን ብትጠቀሙ አልፈርድባችሁም። ከተቻለ ግን የራስን መንገድ መሥራት ይመረጣል።

## መጀመሪያ የቆየውን ዝጉ

አዲሱን መንገድ ሠርታችሁ አሮጌውን ክፍት ከተዋችሁት ሥራው ከንቱ ነው። የራውተሩን ገጽ ክፈቱና ሦስት ቦታ ፈትሹ። Port Forwarding ወይም Virtual Server የሚለው ዝርዝር ውስጥ ወደ መቅጃው የሚመራ ነገር ካለ ፎቶ አንሱና አጥፉት። DMZ የሚለው ከበራ ዝጉት፤ እሱ አንዱን ዕቃ ከነሙሉ ፖርቱ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ሦስተኛው UPnP ነው።

UPnP ላይ ትንሽ እንቆይ። መቅጃው ራሱ ራውተሩን «ይህን ፖርት ክፈትልኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ዘዴ ነው፣ ራውተሩም ማንንም ሳያማክር ይከፍትለታል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ብታጠፉም መቅጃው ሲነሳ ተመልሶ ሊያስከፍት ይችላል። ራውተሩም ላይ መቅጃውም ላይ ዝጉት። መቅጃው ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ነው።

## አድራሻዎቹን አስተካክሉ

አብዛኛው ራውተር ከፋብሪካ ሲወጣ ውስጣዊ ኔትወርኩ 192.168.1 ወይም 192.168.0 ነው። የሱቃችሁ እንዲህ ከሆነ የቤታችሁም፣ የምታርፉበት ሆቴልም እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያኔ ስልካችሁ 192.168.1.64 ሲባል የሱቁን መቅጃ ይሁን አጠገቡ ያለ ሌላ ዕቃ ሊምታታበት ይችላል። ይህ «ከቤት አይሠራም፣ በሞባይል ዳታ ግን ይሠራል» የሚባለውን ግራ የሚያጋባ ችግር ከሚያመጡት አንዱ ነው።

መፍትሔው የሱቁን ኔትወርክ ብዙ ሰው ወደማይጠቀምበት ቁጥር መቀየር ነው። እኔ 192.168.73 ብዬ ልቀጥል። ራውተሩ 192.168.73.1 ይሁን። ራውተሩ ለሚገናኙት ዕቃዎች በራሱ በዲኤችሲፒ የሚያድላቸው አድራሻዎች ከ100 እስከ 200 ያሉት ብቻ ይሁኑ። ለመቅጃው ቋሚ አድራሻ 192.168.73.64 ስጡት። ለትንሿ ኮምፒውተር ደግሞ 192.168.73.10 ትሁን፤ መቅጃው በኋላ ሰዓት የሚጠይቃት በዚሁ ቁጥር ነውና እንዳይቀየር። ሁለቱም ከሚታደለው ክልል ውጭ ስለሆኑ ሌላ ስልክ መጥቶ አይወስድባቸውም።

ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። የካሜራዎቹ ገመድ ቀጥታ መቅጃው ጀርባ ላይ የሚሰካ ከሆነ ምንም አይነካቸውም። ካሜራዎቹ አይፒ ካሜራ ሆነው ከራውተሩ ወይም ከስዊቹ ጋር ከተያያዙ ግን የእነሱም አድራሻ አብሮ መቀየር አለበት፣ አለዚያ መቅጃው ያጣቸዋል። እንዲህ ከሆነ ሥራውን ሱቁ ሲዘጋ ሥሩት።

## ትንሿ ኮምፒውተር

ራስፐርሪ ፓይ ለዚህ በቂና ተስማሚ ነው፤ ኤሌክትሪክም ብዙ አይበላም። ዴቢያን ሊነክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕም ይሆናል፤ እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይጠቅማል። የትኛውም ይሁን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። የመግቢያ ፓስወርዱንም ረጅምና ለሌላ ነገር ያልተጠቀማችሁበት አድርጉት።

ኮምፒውተሯ ላይ ተርሚናል ክፈቱና ቴይልስኬልን ጫኑ፦

```
curl -fsSL https://tailscale.com/install.sh | sh
```

ቀጥሎ ኮምፒውተሯ ከስልካችሁ የመጣውን ወደ መቅጃው እንድታሳልፍ መፍቀድ ያስፈልጋል። ሊነክስ ከመጀመሪያው ይህን አይፈቅድም።

```
echo 'net.ipv4.ip_forward = 1' | sudo tee /etc/sysctl.d/99-tailscale.conf
sudo sysctl -p /etc/sysctl.d/99-tailscale.conf
```

አሁን ዋናው ትእዛዝ፦

```
sudo tailscale up --advertise-routes=192.168.73.64/32
```

መጨረሻ ላይ ያለችው /32 ትንሽ ትመስላለች፣ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። «በእኔ በኩል የሚደረሰው ይህ አንድ አድራሻ ብቻ ነው» ማለት ነው። ብዙ መመሪያዎች 192.168.73.0/24 ብላችሁ እንድትጽፉ ይነግሯችኋል። እንዲያ ሲሆን የሱቁ ኔትወርክ በሙሉ ይከፈታል፤ የሒሳብ ኮምፒውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ የራውተሩ ገጽም። ካሜራ ለማየት ያ ሁሉ አያስፈልግም። ስልኩ አንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ልዩነቱን ያን ጊዜ ታዩታላችሁ።

ትእዛዙ ሲሄድ አንድ ሊንክ ያወጣል። ሊንኩን ከፍታችሁ በምትፈልጉት አካውንት ግቡ። የምትገቡበት አካውንት የሱቁ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለው ይሁን። ሠራተኛ ወይም ካሜራ ገጣሚው በራሱ አካውንት እንዲገባላችሁ አታድርጉ። «ቶሎ እንጨርስ» እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እሱ ነው።

## ገጹ ላይ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች

በዚያው አካውንት የቴይልስኬልን ድረ ገጽ ክፈቱና Machines የሚለው ውስጥ የሱቋን ኮምፒውተር ፈልጉ። ከጎኗ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ Edit route settings በሉ። 192.168.73.64/32 ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ፤ ምልክት አድርጉበትና አስቀምጡ። ኮምፒውተሯ ያቀረበችው መንገድ እናንተ ካላጸደቃችሁት አይሠራም። «ሁሉን አደረግሁ፣ ምስል ግን የለም» ከሚሉት ብዙዎቹ የቆሙት እዚህ ነው።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ Disable key expiry የሚል አለ፤ እሱንም ንኩት። ካልነካችሁት የኮምፒውተሯ ቁልፍ ከ180 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍና እንደገና ግቡ ይላል። ስድስት ወር ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ነገር ባንድ ቀን ድንገት ጸጥ ይላል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ጉዞ ላይ ሳለ። ይህን የምታደርጉት ሱቅ ውስጥ ላለችው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስልካችሁ ላይ ጊዜው እንዳለ ይሁን፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

## ስልኩና መቅጃው

መቅጃው ላይ አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ። የቀጥታ ምስልና የተቀዳውን መልሶ ማየት ብቻ ፍቀዱለት። መሰረዝ፣ ሴቲንግ መቀየር፣ ሃርድ ዲስክ ማጽዳት አይፈቀድለት። ስልኩ ላይ የሚሞላው ይህ ተጠቃሚ ነው፤ admin የሚባለው ሱቁ ውስጥ ይቅር።

ስልካችሁ ላይ የቴይልስኬልን አፕ ጭናችሁ በዚያው አካውንት ግቡ፣ አብሩት። ቀጥሎ የካሜራውን አፕ ክፈቱ። አዲስ ዕቃ ጨምር ሲባል አፑ ብዙ ጊዜ ኪውአር ኮድ ስካን እንድታደርጉ ያቀርብላችኋል። ያንን እለፉትና IP/Domain የሚለውን ፈልጉ። አድራሻው ላይ 192.168.73.64 ሙሉ። ፖርቱ እንደ መቅጃው ነው፤ ሂክቪዥን ላይ ሳይቀየር የቆየ ከሆነ 8000፣ ዳሁዋ ላይ 37777 ነው። ተጠቃሚው አሁን የፈጠራችሁት ይሁን።

ዋይፋዩን አጥፉ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩ። ምስሉ መጣ? ቴይልስኬልን አጥፉና እንደገና ሞክሩ። አሁን መምጣት የለበትም። ከመጣ ሌላ መንገድ ክፍት አለ ማለት ነው፤ ወደ ራውተሩ ተመለሱ።

## መቅጃውን ከውጭ ዓለም ለዩት

እስካሁን ከውጭ ወደ መቅጃው የሚወስደውን መንገድ ዘጋን። መቅጃው ግን አሁንም በራሱ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል። እዚህ ላይ ቴይልስኬል የሚሰጠን አንድ ጥቅም አለ። ከስልካችሁ የመጣው ጥያቄ መቅጃው ጋ ሲደርስ የላኪው አድራሻ የትንሿ ኮምፒውተር፣ ማለትም 192.168.73.10፣ ሆኖ ነው የሚታየው። መቅጃው የጎረቤት ዕቃ ያነጋገረው ይመስለዋል። ስለዚህ መልስ ለመስጠት ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልገውም።

መቅጃው ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ Gateway የሚለውን ባዶ አድርጉት። ባዶ አልቀበልም ካለ ማንም የማይጠቀምበትን ቁጥር፣ ለምሳሌ 192.168.73.250፣ ሙሉበት። የአምራቹን የደመና አገልግሎት፣ P2P ወይም Platform Access የሚለውንም አጥፉ። በስልክ ታዩ የነበረው ምስል እንዳለ ይቀጥላል፤ መቅጃው ግን ወደ ውጭ መውጫውን አያውቅም። ራውተራችሁ አንድን ዕቃ ከኢንተርኔት የሚያግድበት ቦታ ካለው እዚያም አግዱት፤ አንድ ሰው ነገ ሴቲንጉን ቢመልሰው እንኳ እገዳው ይቆያል።

ይህ ዋጋ አለው። መቅጃው «እንቅስቃሴ አየሁ» ብሎ ስልካችሁ ላይ የሚልከው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው በአምራቹ ሰርቨር በኩል ስለሆነ ይቀራል። ኢሜይልም አይልክም። ሌሊት ማስጠንቀቂያ የግድ የሚፈልግ ሱቅ ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ከውጭ የሚመጣው መንገድ እንደተዘጋ ነው የሚቀረው።

ሌላው የሚቀረው ሰዓት ነው። መቅጃዎች ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት ያስተካክላሉ፤ ከኢንተርኔት ሲለዩ ቀስ በቀስ መዛነፍ ይጀምራሉ። ከጥቂት ወር በኋላ ቀረጻው 3:10 ይላል፣ ደረሰኙ 3:17። ሌባው መቼ እንደገባ ለማስረዳት ስትፈልጉ ይህ ልዩነት ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ትንሿ ኮምፒውተር ሰዓት ትስጠው፦

```
sudo apt install chrony
echo 'allow 192.168.73.64' | sudo tee /etc/chrony/conf.d/shop.conf
sudo systemctl restart chrony
```

መቅጃው ላይ NTP የሚለውን አብሩና ሰርቨር በሚለው ቦታ 192.168.73.10 ጻፉ። ትንሽ ቆይታችሁ ኮምፒውተሯ ላይ `sudo chronyc clients` ብትሉ የመቅጃው አድራሻ ተዘርዝሮ ካያችሁት እየጠየቀ ነው።

## ከውጭ ሆናችሁ አረጋግጡ

ይህ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሚደረግ ፈተና አይደለም። ከውስጥ ስትሞክሩ አንዳንድ ራውተር ያሳስታችኋል። ክፍት ፖርት የሚፈትሸውን nmap የተባለ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፣ ላፕቶፑን ከስልካችሁ ሞባይል ዳታ ጋር አገናኙ፣ ቴይልስኬልን አጥፉ። የሱቁን የውጭ አድራሻ ያዙና እንዲህ ፈትሹ፤ 203.0.113.25 ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ በእናንተው ተኩት፦

```
nmap -Pn -p 80,443,554,8000,8080,37777 203.0.113.25
```

ውጤቱ ለእያንዳንዱ ፖርት closed ወይም filtered ካለ ደግ ነው። open የሚል ካለ አንድ ነገር ከውጭ ይታያል። 554 የካሜራ ምስል የሚፈስበት ስለሆነ እሱ open ካለ አትደሩበት። 80 ወይም 443 ሆኖ በብሮውዘር ስትከፍቱት የራውተሩ መግቢያ ገጽ ከመጣ ደግሞ ራውተሩን ከውጭ የማስተዳደር ፈቃድ በርቷል፤ Remote Management የሚለውን ዝጉ። መዝገቡ ላይ ያልታየ ፖርት ሊኖር ስለሚችል ጊዜ ካላችሁ በፖርቶቹ ቁጥር ፋንታ `-p-` ብላችሁ ሁሉንም አስፈትሹት፣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የተካፈለ ከሆነ ግን የምታዩት የአቅራቢውን ዕቃ እንጂ የእናንተን ሱቅ ላይሆን ይችላል። ፈተናው የራሳችሁንና የፈቀደላችሁን ሰው አድራሻ ላይ ብቻ ይሁን።

## ምስሉ ሲንቀራፈፍ

ከርቀት ስታዩ የሚሠራው የሱቁ የመላክ ፍጥነት ነው፤ የማውረጃው አይደለም። አቅራቢዎች በትልቁ የሚያስተዋውቁት ግን ማውረጃውን ነው። አንድ ጥራት ያለው ካሜራ ዋናው ምስሉ 4 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ቢሆን አራት ካሜራ ባንዴ 16 ሜጋቢት ይፈልጋል። ሱቁ የሚልከው 5 ሜጋቢት ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፣ በዚያው መስመር የሚሄድ ሌላ ሥራም ይታፈናል።

መቅጃው እያንዳንዱን ካሜራ በሁለት መልክ ያቀርባል። Main stream የሚባለው ዲስኩ ላይ የሚቀዳው ሙሉ ጥራት ነው፤ Sub stream ደግሞ ለስልክ የተዘጋጀ ቀለል ያለ ነው። ሁለተኛውን በካሜራ 512 ኪሎቢት ላይ አድርጉት። አራቱ አብረው 2 ሜጋቢት ብቻ ይሆናሉ። አንድ ካሜራ አንድ ሰዓት ብታዩ ወደ 230 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በ4 ሜጋቢቱ ግን 1.8 ጊጋባይት ነው። የሞባይል ጥቅል ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ኪስ ይነካል። የፊት መልክ መለየት ስትፈልጉ ብቻ ያንዱን ካሜራ ወደ ዋናው ቀይሩ። ቀረጻው በየትኛውም ጊዜ በሙሉ ጥራት ስለሚቀጥል የምታጡት ነገር የለም።

ይህን አድርጋችሁም ከዘገየ መንገዱን እዩ። ኮምፒውተሯ ላይ `tailscale ping` ብላችሁ አስከትላችሁ የስልካችሁን ስም ጻፉ። መልሱ እንዲህ ይመስላል፦

```
pong from phone (100.101.20.5) via DERP(fra) in 182ms
pong from phone (100.101.20.5) via 203.0.113.7:41641 in 46ms
```

የመጀመሪያው መስመር ሁለቱ ቀጥታ መገናኘት ስላልቻሉ በመሀል ሰርቨር በኩል እያለፉ ነው ማለት ነው። ምስጢርነቱ አይቀንስም፤ መሀል ያለው ሰርቨር ምስሉን ሊከፍተው አይችልም። ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ሁለተኛው ቀጥታ ግንኙነት ነው። አንዳንዴ በመሀል ሰርቨር ይጀምርና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ ቀጥታ ይዞራል፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

## ምስል ጨርሶ ሲጠፋ

ከጫፍ ሳይሆን ከመሀል ጀምራችሁ ፈልጉ። የቴይልስኬል አፕ ላይ የሱቋ ኮምፒውተር እንደተገናኘች ያሳያል? ካላሳየ ነገሩ ከካሜራው ጋር አይገናኝም። የሱቁ መብራት ወይም ኢንተርኔት ጠፍቷል፣ ወይም ኮምፒውተሯ ቆማለች። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ራስፐርሪ ፓይ ሜሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ከራውተሩና ከመቅጃው ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ ብትሰኩት ይህ ጣጣ ይቀንሳል።

ኮምፒውተሯ ተገናኝታ ምስል ከሌለ፣ ከርቀት በተርሚናል የሚያስገባውን ኤስኤስኤች አስቀድማችሁ አብርታችሁ ከነበረ፣ በ100 በሚጀምረው የቴይልስኬል አድራሻዋ ግቡባትና `ping 192.168.73.64` በሉ። መልስ ከሌለ መቅጃው ጠፍቷል፣ ገመዱ ወልቋል ወይም አድራሻው ተቀይሯል። መልስ ካለ ግን ስልኩ የማይደርስ ከሆነ ጥርጣሬው ሁለት ቦታ ነው፤ መንገዱ ገጹ ላይ አልጸደቀም፣ ወይም ያ ip_forward የሚለው አልበራም። `sysctl net.ipv4.ip_forward` ብላችሁ 0 ካለ እሱ ነው። አፑ «ፓስወርድ ተሳስቷል» ካለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፣ መንገዱ ይሠራል። ደጋግማችሁ አትሞክሩ እንጂ፤ ብዙ መቅጃ ከጥቂት ስሕተት በኋላ አድራሻውን ለጊዜው ያግዳል። የሚያግደው አድራሻ ደግሞ የኮምፒውተሯ ስለሆነ በሌላ ስልክ ብትሞክሩም አይገባም።

## ሌላ ሰው ማየት ሲፈልግ፣ ስልክ ሲጠፋ

የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ሱቁን የሚያስተዳድር ሰው፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን አካውንት ጋብዙለት፣ መቅጃውም ላይ የየራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩለት። አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው ከሰጣችሁ አንዱ ሥራ ሲለቅ የአምስቱንም መቀየር ነው። ቴይልስኬል ከመጀመሪያው የአንድ አካውንት ዕቃዎች ሁሉ እርስ በርስ እንዲገናኙ ይፈቅዳል፤ የተጋበዘው ሰው ካሜራውን ብቻ እንዲያይ ከፈለጋችሁ Access controls የሚለው ገጽ ላይ ያለውን ሁሉን ፈቃጅ ደንብ በሙሉ አጥፍታችሁ በዚህ ተኩት፤ ኢሜይሎቹንና ፖርቱን በእናንተው ቀይሩ፦

```
{"acls": [
  {"action": "accept", "src": ["owner@example.com"], "dst": ["*:*"]},
  {"action": "accept", "src": ["staff@example.com"],
   "dst": ["192.168.73.64:8000"]}
]}
```

ስልክ ከጠፋ Machines ውስጥ ያንን ስልክ ፈልጋችሁ Remove በሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መንገዱ የለውም። ቀጥሎ የመቅጃውን ተጠቃሚ ፓስወርድ ቀይሩ፣ አካውንታችሁም በሌሎች ዕቃዎች ላይ ክፍት ከሆነ ከሁሉም ውጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ የመጀመሪያው ብቻውን በሩን ይዘጋል፣ የቀሩትን ረጋ ብላችሁ ታደርጋላችሁ።